የዴክ ካዴት 12 ወር፦ በውስጡ ያለው 6 ወር

የመርከበኞችን ሥልጠናና ብቃት የሚደነግገው፣ ኤስቲሲደብሊው የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ 500 ግሮስ ቶንና ከዚያ በላይ በሆነ መርከብ ላይ በተራው የመርከቡን ጉዞ የሚቆጣጠር የዋች ኦፊሰር ለመሆን ቢያንስ 12 ወር የባሕር አገልግሎት ይጠይቃል። ይህ ግን የጸደቀ የሥልጠና ፕሮግራም ለተከተለና መርከብ ላይ የተማረውን በሥልጠና መዝገቡ እያስፈረመ ለሞላ ካዴት፣ ማለትም ለሠልጣኝ ኦፊሰር ነው። ያለዚያ 36 ወር ይሆናል።

ብዙዎች የሚስቱት ቀጥሎ ያለውን ነው። ከአገልግሎቱ ውስጥ ቢያንስ 6 ወሩ መርከቡ በሚመራበት ክፍል፣ በብሪጅ ላይ፣ በካፒቴኑ ወይም ብቃት ባለው ኦፊሰር ክትትል ሥር፣ በዋች ሥራ ያለፈ መሆን አለበት።

አንድ ካዴት በመጀመሪያው መርከብ 7 ወር ቆየ እንበል፤ 5ቱን ወር ከዴክ ሠራተኞች አለቃው ከቦሱኑ ጋር ዝገት ሲፍቅና ቀለም ሲቀባ አሳልፎ ብሪጅ የወጣው 2 ወር ብቻ ነው። በሁለተኛው መርከብ 5 ወር ሠራ፤ 3ቱን በዋች። ጠቅላላው 12 ሞላ፣ ዋቹ ግን 5 ነው። አንድ ወር ጎደለው፤ ለዚያች ወር ደግሞ እንደገና መርከብ መፈለግ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ የዋቹን ወራት ከመርከቡ ሳይወርዱ መቁጠርና ካፒቴኑን ማስፈረም ይሻላል፤ ከወረዱ በኋላ ፈራሚውን ማግኘት ፈተና ነው።

ቀሪው መሰላል ቀላል ነው። 3,000 ግሮስ ቶንና ከዚያ በላይ በሆነ መርከብ ከካፒቴኑ ቀጥሎ ያለው ኦፊሰር፣ ቺፍ ሜት፣ ለመሆን በዋች ኦፊሰርነት 12 ወር ያስፈልጋል። ለካፒቴንነት 36 ወር ሲሆን፣ ቢያንስ 12ቱን በቺፍ ሜትነት ላገለገለ እስከ 24 ሊቀነስ ይችላል።