ከቋንቋው በፊት የዳታው አቀማመጥ፦ ለጅማ ዩኒቨርሲቲ የኮዲንግ ክበብ መክፈቻ ምሽት የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ፕሮግራሚንግ የሚጀምር ተማሪ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «በየትኛው ቋንቋ ልጀምር?» አንዱ ፓይተን ይለዋል፣ ሌላው ጃቫ ይለዋል፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ካላወቅህ ፕሮግራመር አይደለህም የሚለውም አይጠፋም። ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ውስጥ በዚህ ጉዳይ እስከ እኩለ ሌሊት የሚከራከሩ የዶርም ልጆች አሉ። እኔ ዛሬ የማስረዳችሁ ከዚህ ጥያቄ በፊት ሊነሣ የሚገባውን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ዳታ ሜሞሪ ውስጥ እንዴት ይቀመጥ? ዳታ ስትራክቸር የምንለው ይህንኑ አቀማመጥ ነው። ስለ ሁሉም ዓይነት ማውራት ስለማይቻል አንድ ጉዳይ ይዤ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ።

ጉዳዩ ሁላችሁም የምታውቁት የተማሪዎች ካፌ ነው። 10,000 ተማሪ ሚል ካርድ አለው እንበል። በር ላይ ካርዱ በታየ ቁጥር አንድ መስመር ይመዘገባል፦ የተማሪው መለያ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ቁርስ ወይም ምሳ ወይም እራት መሆኑ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በወር 30 ቀን ሲባዛ 900,000 መስመር ይሆናል። የምንፈልገው መልስ ደግሞ ቀላል ይመስላል፦ ለአንድ ማዕድ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ካርድ አለ ወይ?

አብዛኛው ጀማሪ የሚጽፈው መፍትሔ እንዲህ ነው። ባዶ ሊስት ይከፍታል፤ እያንዳንዱን መስመር ሲያነብ «ይህ ቀድሞ ሊስቱ ውስጥ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከሌለ መጨረሻው ላይ ይጨምረዋል። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ መልሱም ትክክል ይወጣል። ችግሩ «አለ ወይ?» የምትለው ጥያቄ ውስጥ ነው። ሊስት መልሱን የሚያገኘው ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ እያነጻጸረ ነው። መቶኛው መስመር ከ99 ጋር ይነጻጸራል፣ የመጨረሻው ከ899,999 ጋር። ሁሉም ሲደመር ወደ 405 ቢሊዮን ማነጻጸር ይመጣል።

አሁን ቋንቋውን እናስገባው። ፓይተን እንዲህ ያለውን ማነጻጸር በተራ ላፕቶፕ ላይ በሰከንድ ወደ 25 ሚሊዮን ጊዜ ይሠራል ብለን ብንይዝ፣ ሥራው አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሲ ግን፣ መስመሮቹ ወደ ቁጥር ተቀይረው ከተሰጡት፣ በሰከንድ ወደ አንድ ቢሊዮን ሊደርስ ይችላል፤ ሰባት ደቂቃ ያህል ማለት ነው። ቁጥሮቹ ከማሽን ማሽን ይለያያሉ፤ የልዩነቱ መጠን ግን በግምት ይኸው ነው። እዚህ ላይ የሲ ወዳጆች «ይኸው፣ ቋንቋ ለውጥ አመጣ» ይላሉ። እውነት ነው፣ አርባ እጥፍ ቀላል አይደለም።

ግን ፓይተኑን ሳንለቅ ሊስቱን ብቻ `set`፣ ማለትም ሴት፣ በሚባል ሌላ ስትራክቸር እንተካው፦

```python
seen = set()
for row in rows:
    key = (row.id, row.date, row.meal)
    if key in seen:
        print(key)
    seen.add(key)
```

ይህ ኮድ 900,000ውን መስመር በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ይጨርሳል። ሰባት ደቂቃ የፈጀውን ሲ በመቶዎች እጥፍ ቀደመው፤ የተቀየረው ግን ዳታው የተቀመጠበት መንገድ ብቻ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ዳታው ሲያድግ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። የአንድ ወር ሳይሆን የአራት ወር መዝገብ ቢሰጠን መስመሩ 3.6 ሚሊዮን ይሆናል። ዳታው አራት እጥፍ ሲያድግ የሊስቱ ሥራ አሥራ ስድስት እጥፍ ያድጋል። የሲው ሰባት ደቂቃ ወደ አንድ ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይሄዳል፤ የፓይተኑ ሊስት ሦስት ቀን ይወስዳል። ሴቱ ግን በአራት እጥፍ ብቻ ያድጋል፤ አሥር ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ፈጣን ቋንቋ የሚሰጣችሁ ትርፍ የተወሰነ ነው፣ አርባም ይሁን መቶ። የአቀማመጥ ልዩነት ግን ከዳታው ጋር አብሮ ያድጋል፤ ዳታው በቂ ከሆነ የትኛውንም የቋንቋ ትርፍ ይውጠዋል።

ሴት ይህን እንዴት ቻለ? ከጀርባው ሃሽ ቴብል አለ። ብዙ መሳቢያ ያለው ቁም ሣጥን አስቡ። አንድ መስመር ሲመጣ ሃሽ ፈንክሽን የሚባል ስሌት መስመሩን ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፣ ቁጥሩም የትኛው መሳቢያ እንደሚከፈት ይናገራል። ሌሎቹን መሳቢያዎች ማየት አያስፈልግም። ሁለት የተለያዩ መስመሮች አንድ መሳቢያ ላይ ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ቴብሉ ሲሞላ ራሱን እያሰፋ ስለሚሄድ ግን በአማካይ አንድ ወይም ሁለት ማነጻጸር ይበቃል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የአይቢኤም መሐንዲስ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1953 ለመሥሪያ ቤቱ በጻፈው የውስጥ ማስታወሻ ላይ ይገኛል። ዛሬ ክርክር የሚነሣባቸው ቋንቋዎች አብዛኞቹ ያኔ አልነበሩም።

ጉዳዩ የቋንቋ ሳይሆን የአቀማመጥ መሆኑን በጥሩ ሁኔታ የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ላይ ሁለት የደኅንነት ተመራማሪዎች አንድ ጥቃት በይፋ አሳዩ። ሁሉም አንድ መሳቢያ ላይ የሚገጥሙ ቁልፎች ሆን ብሎ አዘጋጅቶ ወደ ዌብ ሰርቨር መላክ ነው። ያኔ ሃሽ ቴብሉ ወደ ሊስትነት ይወርዳል፣ ሰርቨሩም በትንሽ ዳታ ተወጥሮ ይቀራል። ጥቃቱ ፒኤችፒን፣ ጃቫን፣ ፓይተንን፣ ሩቢን ሁሉ ነካ። የቋንቋዎቹ አጻጻፍ የማይገናኝ ቢሆንም ውስጣቸው ያለው ስትራክቸር አንድ ስለነበር ድክመታቸውም አንድ ሆነ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ስሌቱን ለመተንበይ አስቸጋሪ ማድረግ ነበር፤ ለምሳሌ ፓይተን ከ3.3 ጀምሮ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ሃሽ ስሌቱ ላይ የዘፈቀደ ቁጥር ያስገባል።

ቋንቋው ስትራክቸሩን ሊሸፍንባችሁም ይችላል። በጃቫ `ArrayList` ላይም `HashSet` ላይም የምትጠሩት `contains` የሚባል አንድ ስም ነው። አንዱ 900,000 መስመር ያስሳል፣ ሌላው አንድ መሳቢያ ይከፍታል፤ ኮዱን ለሚያነብ ሰው ግን መስመሩ አንድ ዓይነት ነው። እዚያው ጃቫ ላይ ልትጠነቀቁበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ለካፌው መስመር የራሳችሁን ክላስ ሠርታችሁ እኩልነትን የሚወስነውን `equals`ን ጽፋችሁ መሳቢያውን የሚመርጠውን `hashCode`ን ከዘነጋችሁ፣ ሁለቱ እኩል መስመሮች ወደተለያዩ መሳቢያዎች ይሄዳሉ። ፕሮግራሙ ስሕተት አለ አይልም፤ ዝም ብሎ «የተደገመ የለም» ይላችኋል። ስለዚህ መዝገቡ ውስጥ ሆን ብላችሁ አንድ የተደገመ መስመር አስገቡና ፕሮግራሙ ማግኘቱን አረጋግጡ። መለያ ቁጥሩ ላይ ትርፍ ክፍተት ሲገባ ወይም ፊደሉ አንዴ በትልቁ፣ አንዴ በትንሹ ሲጻፍም ይኸው ይከሰታል። ይህኛው ግን ጃቫን ብቻ አይደለም የሚያጠቃው።

ሴት ዋጋ አለው፣ ዋጋውም ሜሞሪ ነው። ከላይ ያለው የፓይተን ኮድ ለአንድ ወር መዝገብ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ሊይዝ ይችላል። እዚህ ላይ ስለ ዳታው የምናውቀውን እንጠቀም። ተማሪዎቹ 10,000 ናቸው፤ ከዜሮ እስከ 9,999 ተከታታይ ቁጥር ልንሰጣቸው እንችላለን። የወሩ ማዕድ ደግሞ 90 ብቻ ነው። እንግዲህ ሊኖር የሚችለው ነገር ሁሉ 900,000 ቦታ ላይ ያልቃል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ባይት ይበቃል፦

```python
ate = bytearray(900_000)
i = student * 90 + day * 3 + meal
if ate[i]: print(student, day, meal)
ate[i] = 1
```

መጀመሪያው መስመር አንዴ ብቻ ይሠራል፤ የቀሩት ለእያንዳንዱ መዝገብ ይደጋገማሉ፤ ቀንና ማዕድ ከዜሮ ይቆጠራሉ። ሃሽ የለም፣ ማነጻጸርም የለም፤ አንድ ማባዛትና መደመር ቀጥታ ወደ ቦታው ይወስዳል። ከመቶ ሜጋባይት ወደ አንድ ሜጋባይት ያልሞላ ሜሞሪ ወረድን። አንድ ባይት ውስጥ ስምንት ምልክት ብናጭቅ 112,500 ባይት ይበቃ ነበር። በሲ ብትጽፉትም `static unsigned char ate[900000]` ይሆናል እንጂ ሐሳቡ አይቀየርም። ይህን ያመጣው የሰዉ ቁጥር የታወቀ መሆኑና አብዛኛው ሰው አብዛኛውን ቀን መብላቱ ነው። ቁጥሩ የማይታወቅ እንግዳ የሚገባበት ቦታ ቢሆን ኖሮ ወደ ሴቱ እንመለስ ነበር።

ጥያቄው ሲቀየርም ምርጫው ይቀየራል። መዝገቡ ሰዓትም ቢይዝና «ከ6፡00 እስከ 6፡30 ምሳ የበላው ማን ነው?» ብትሉ ሃሽ ቴብል አይረዳችሁም፤ መሳቢያዎቹ ቅደም ተከተል የላቸውም። በሰዓት የተደረደረ ሊስት ላይ ግን እየከፈላችሁ ስትፈልጉ ከ900,000 መስመር ውስጥ 6፡00ን በ20 ማነጻጸር ታገኙታላችሁ። ዳታቤዞች፣ ለምሳሌ ፖስትግሬስ፣ ኢንዴክስ ሲሠሩ ሌላ ካልታዘዙ ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ቢ ትሪ የሚባል ስትራክቸር የሚጠቀሙትም በአብዛኛው እንዲህ ያለ «ከዚህ እስከዚያ» የሚል ጥያቄን ስለሚመልስ ነው። አሥር ያህል ነገር ብቻ ካላችሁ ደግሞ ተራ ሊስት ይበቃችኋል፤ አትጨነቁ።

ቋንቋ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ጥቂት ኪሎባይት ሜሞሪ ባለው ማይክሮኮንትሮለር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ሲ ያስፈልጋችኋል። የተሻለ አቀማመጥ የሌለው፣ ሁሉንም መስመር መንካት የግድ የሆነ ሥራ ላይም ያ አርባ እጥፍ ልዩነት እንዳለ ይቆያል። የፓይተን ሴት ራሱ ይህን ያህል ፈጣን የሆነው ውስጡ በሲ ስለተጻፈም ጭምር ነው። የምለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ አቀማመጡን ሳታስተካክሉ ቋንቋ መቀየር ለወራት ሥራ ዳርጓችሁ፣ ዳታው ሲያድግ ወደነበራችሁበት ይመልሳችኋል።

ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ለመለየት የሚረዳ አንድ ሙከራ አለ፤ የክበቡ የመጀመሪያ ሥራም እሱ ይሁን። የሐሰት የካፌ መዝገብ በፕሮግራም ፍጠሩ፣ የእውነተኛ ተማሪ መረጃ አትጠቀሙ። የሊስቱን ኮድ በ10,000፣ በ20,000 እና በ40,000 መስመር አስኪዱና ሰዓቱን ጻፉ። በግምታችን ሁለት፣ ስምንት፣ 32 ሰከንድ አካባቢ ይመጣል። ዳታው እጥፍ ሲሆን ሰዓቱ አራት እጥፍ ከሆነ የተሸሸገ ፍለጋ አለ ማለት ነው፤ እጥፍ ብቻ ከሆነ አቀማመጡ ደህና ነው፣ ቋንቋ ስለመቀየር ማሰብ የምትችሉት ያኔ ነው። ከዚያ ሴቱንና ባይት አሬዩን በዚያው መዝገብ ሞክሩ። ላፕቶፕ ያላችሁ ለሌላችሁ እያጋራችሁ፣ አንዱ ቡድን በፓይተን፣ ሌላው በጃቫ ወይም በሲ ይሥራው፤ ሦስቱንም አቀማመጥ በእያንዳንዱ ቋንቋ ለክታችሁ ሰንጠረዡን በሚቀጥለው ስብሰባ ሰሌዳው ላይ እንጽፈዋለን።