ኤክስፔክታንሲ፦ የአንድ ትሬድ አማካይ ውጤት ስለ ስልቱ ምን ይናገራል?

ከአሥር ትሬድ ስምንቱን የሚያሸንፍ ሰው የግድ አትራፊ ነው ማለት አይደለም። ሲያሸንፍ በአማካይ 100 ዶላር፣ ሲሸነፍ ደግሞ 500 ዶላር ከሆነ፣ አሥሩ ትሬድ ሲያልቅ 800 ዶላር አግኝቶ 1,000 ዶላር አጥቷል። ስምንት ጊዜ ደስ ብሎት 200 ዶላር ከስሯል።

ይህን የሚያሳየው ስሌት ኤክስፔክታንሲ ይባላል። ስልቱ በአንድ ትሬድ በአማካይ ስንት እንደሚያስገኝ ወይም እንደሚያስከስር ይነግረናል። ቀመሩ አጭር ነው፦

```
E = (W × AW) − (L × AL)
```

W ያሸነፉት ትሬዶች ድርሻ ነው፣ L የተሸነፉት። AW አማካይ ትርፍ፣ AL አማካይ ኪሳራ ነው።

አሁን ሌላ ትሬደር እንውሰድ። ከመቶ ትሬድ የሚያሸንፈው 40ውን ብቻ ነው። ግን ሲያሸንፍ በአማካይ 100 ዶላር ያገኛል፣ ሲሸነፍ 50 ዶላር ያጣል። 0.40 × 100 ሲሰላ 40 ነው፤ 0.60 × 50 ደግሞ 30። ልዩነቱ 10 ዶላር ነው። አንዱን ትሬድ ለይተን ብናየው 10 ዶላር የሚያስገኝ የለም። መቶው ሲደመር ግን 1,000 ዶላር ይሆናል።

ትሬደሮች ይህን በዶላር ሳይሆን በ R መግለጽ ይመርጣሉ። 1R ማለት ኪሳራን ለመገደብ አስቀድሞ የተቀመጠው ስቶፕ ሎስ ሲመታ የሚጠፋው ገንዘብ ነው። እዚህ 1R 50 ዶላር ስለሆነ፣ ኤክስፔክታንሲው 0.2R ነው። እንዲህ ሲሆን ትንሽና ትልቅ አካውንት ያላቸው ሰዎች ስልታቸውን ማነጻጸር ይችላሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ለእኔ ዋናው ነው፦ ይህ 0.2R ከየት መጣ? ብዙ ጀማሪ ቴክ ፕሮፊቱን፣ ማለትም ትርፍ ይዞ የሚወጣበትን ዒላማ፣ አርቆ ሲያስቀምጥ ስልቱን ያሻሻለ ይመስለዋል። ነገር ግን ዒላማው በራቀ ቁጥር ዋጋው እዚያ የመድረስ ዕድሉ ይቀንሳል። ዋጋው ወደ የትም ሳያዳላ በዘፈቀደ ቢንቀሳቀስ፣ ከስቶፑ እጥፍ ርቀት ላይ ያለ ዒላማ የሚመታው ከሦስት ትሬድ አንዱ ላይ ነው፤ 33.3 በመቶ መሆኑ ነው። ለ2 ለ1 ስልት ደግሞ ሳይከስሩና ሳያተርፉ ለመውጣት የሚያስፈልገው የማሸነፍ ምጣኔ ልክ ይኸው ነው። ስለዚህ ዒላማውን ማራቅ ብቻውን አንድ ሳንቲም አይጨምርም። የትሬደራችን እውነተኛ ብልጫ በ33.3 እና በ40 መካከል ያለው ክፍተት ነው። መጀመሪያ ያየነው ሰው ደግሞ ሳይከስር ለመውጣት ብቻ 83.3 በመቶ ማሸነፍ ነበረበት። 80 አልበቃውም።

ይህ ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ወጪ በቀላሉ ይበላዋል። ስቶፑ 50 ፒፕ፣ ስፕሬዱ ማለትም የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነቱ 2 ፒፕ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ትሬድ 0.04R ይከፍላል፤ 0.2R የነበረው 0.16R ይሆናል። ያው ሰው ያንኑ ስልት ወደ አጭር ታይምፍሬም ወስዶ ስቶፑን 10 ፒፕ ቢያደርገውስ? ስፕሬዱ ያው 2 ፒፕ ነው፣ አሁን ግን 0.2R ሆኗል። የማሸነፍ ምጣኔው ሳይነካ ትርፉ ዜሮ ገባ። ስካልፒንግ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ወደ ቀመሩ የሚገቡት ቁጥሮች ኮሚሽንና ስፕሬድ ከተቀነሰ በኋላ ያሉት መሆን አለባቸው። ኪሳራውም በትክክል የጠፋው እንጂ በዕቅድ የተያዘው አይደለም። ስቶፑን ወደ ኋላ እየገፋ የሚቆይ ሰው ኪሳራው 1R ላይ አይቆምም።

ሌላው ጥያቄ በስንት ትሬድ ላይ ተሰላ የሚለው ነው። ከ100 ትሬድ 40 ያሸነፈ ስልት እውነተኛ ምጣኔው 30 በመቶም 50 በመቶም ሊሆን ይችላል፤ ዕድል ብቻውን ይህን ያህል ያወዛውዛል። በ30 በመቶ ኤክስፔክታንሲው −0.1R ነው፣ በ50 በመቶ +0.5R። አንዱ አካውንት ይጨርሳል፣ ሌላው ግሩም ስልት ነው፤ በእጃችን ያለው መዝገብ ግን ሁለቱን አይለይም። ትሬዶቹ 400 ሲደርሱ ክልሉ ከ35 እስከ 45 በመቶ ይጠብባል። ያኔ ዝቅተኛው ጫፍ ራሱ ከዜሮ በላይ ይሆናል፣ 0.05R። በ20 ትሬድ ውጤት ስልት የሚሸጥ ሰው ምንም አላሳየም።

አማካይ ትርፉንም መፈተሽ ያስፈልጋል። የትሬደራችን 40 አሸናፊዎች በድምሩ 4,000 ዶላር አስገኝተዋል። ከእነሱ አንዱ ብቻውን 900 ዶላር ቢሆን፣ ያንን አውጥተን ስናሰላ ከ1,000 ዶላሩ የሚተርፈው 100 ብቻ ነው። ትሬንድ ለሚከተል ስልት ይህ የተለመደ ነው፤ ትርፉ ከጥቂት ትላልቅ ትሬዶች ስለሚመጣ አንዱ ሲያመልጥ የዓመቱ ውጤት ይቀየራል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ገብቶ ለሚወጣ ስልት ግን እንዲህ ያለ መዝገብ ያ አንድ ትሬድ ምን እንደነበር መልሶ ማየት እንደሚያስፈልግ ይጠቁማል።