ኢፌክቲቭ ሪዞሉሽን ምንድን ነው? ከሰርግ ፎቶ ላይ የአንድ ሰው ፊት ብቻ ቆርጠን ስናሳትም

ፎቶ ማተሚያ ቤት ስለምሰራ ይሄ ጉዳይ ቶሎ ቶሎ ይገጥመኛል። እናት ወይ አባት ያርፋሉ፣ ለሙት ዓመት ትልቅ ፎቶ ይፈለጋል፣ ቤት ውስጥ ሲታይ ለብቻቸው የተነሱት ደህና ፎቶ የለም፣ ያለው የልጃቸው ሰርግ ላይ ከዘመድ አዝማድ ጋር ተደርድረው የተነሱት ነው። ባለፈው አንድ ልጅ ይሄንኑ ይዞ መጣ፣ "ከዚህ ላይ እማዬን ብቻ አውጣልኝና 40 በ50 ሴንቲ አርገህ አትምልኝ" አለኝ። ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን የሚመልሰው ኢፌክቲቭ ሪዞሉሽን የሚባለው ነገር ነው፣ ሂሳቡ ደግሞ አንድ ማካፈል ብቻ ስለሆነ ማንም ሰው ሊሰራው ይችላል።

ኢፌክቲቭ ሪዞሉሽን ማለት ክሮፕ ካደረጋችሁ በኋላ የቀረው ፒክስል፣ ማለትም ፎቶው የተሰራበት ትንንሽ የቀለም ነጥብ፣ ልታሳትሙ ባሰባችሁት ወረቀት ላይ ሲዘረጋ ለእያንዳንዱ ኢንች ስንት ፒክስል ይደርሰዋል ማለት ነው። ስለዚህ ካሜራው 24 ሜጋፒክስል ነው ማለት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ፋይሉ ላይ 300 dpi፣ ማለትም በኢንች 300 ነጥብ ስለሚል ደግሞ ብዙ ሰው ይታለላል፣ እሱ ፋይሉ ላይ የተፃፈ ቁጥር ነው እንጂ የፎቶው ጥራት አይደለም፣ ፎቶሾፕ ውስጥ Image Size ገብታችሁ Resample የሚለውን ምልክት አጥፍታችሁ 72 የሚለውን ፋይል 300 ብትሉት አንድ ፒክስል እንኳን አይጨምርም፣ የህትመቱ መጠን ብቻ ነው የሚያንሰው።

ወደ ልጁ ፎቶ ልመለስ። ዋናው ፎቶ 6000 በ4000 ፒክስል ነው፣ 24 ሚሊዮን ማለት ነው። እናትየው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ትንሽ ፈገግ ብለዋል። ከትከሻቸው በላይ ስቆርጠው የቀረኝ 800 በ1000 ፒክስል ነው፣ ማለትም ከጠቅላላው ፎቶ አንድ ሰላሳኛው። አሁን 800ውን በህትመቱ ወርድ ማካፈል ነው፣ አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ነው። 10 በ12.5 ሴንቲ ካተምነው በኢንች ወደ 200 ፒክስል ይደርሳል፣ 20 በ25 ካደረግነው ወደ 100 ይወርዳል፣ እሱ በፈለገው 40 በ50 ደግሞ 50 ብቻ። ወረቀቱ በወርድም በቁመትም እጥፍ ሲያድግ ቁጥሩ በግማሽ ይቀንሳል፣ ፒክስሉ ያው ነው፣ የሚሸፍነው ቦታ ነው የሰፋው።

50 መጥፎ ነው ወይ? እሱን የሚወስነው የሚያየው ሰው የት ነው የሚቆመው የሚለው ነው። ለጥሩ ህትመት በኢንች 300 ፒክስል የሚባለው ቁጥር ጤነኛ ዓይን ከ30 ሴንቲ ርቀት ላይ ለይቶ ማየት ከሚችለው ጋር ይቀራረባል፣ አልበም በእጃችን ይዘን እንደምናየው ማለት ነው። አንድ ሜትር ስንርቅ ወደ 90 ይበቃል፣ ሁለት ሜትር ስንርቅ ወደ 45። ስለዚህ ያ በኢንች 50 የሆነው ህትመት ድንኳን ውስጥ ከፊት ለፊት ተቀምጦ ሰው ከሩቅ ካየው ችግር የለውም፣ እንደውም ያምራል። ችግሩ ፎቶው ከዛ በኋላ ሳሎን ይሰቀላል፣ እና የእናትን ፎቶ ማንም ከሁለት ሜትር ቆሞ አያይም፣ ቀረብ ብሎ ዓይናቸውን ነው የሚያየው፣ ያኔ ቅንድቡ ፀጉር መሆኑ ይቀርና የጠቆረ መስመር ይሆናል፣ የነጠላው ጥለትም ይደበላለቃል።

እስካሁን ያልኩት ግን ፒክስሉ ሁሉ ጥሩ ከሆነ ነው። ክሮፕ ስናደርግ ፊቱን ብቻ አይደለም የምናሳድገው፣ ሙሉው ፎቶ ላይ የማይታየውን ጉድለት ሁሉ አብረን ነው የምናሳድገው፣ ካሜራው ትንሽ ነቅንቆ ከሆነ፣ ፎከሱ ሙሽሮቹ ላይ ሆኖ ሁለተኛው ረድፍ ትንሽ ደብዝዞ ከሆነ፣ ማታ አዳራሽ ውስጥ ተነስቶ እህል የመሰለ ነጠብጣብ ካለው። ሁለት ፎቶ እኩል 800 ፒክስል ኖሯቸው አንዱ ጥርት ብሎ ሌላው የማይታተም ሊሆን ይችላል። እኔ መጀመሪያ የማየው 100% አድርጌ ከፍቼ የዓይን ሽፋሽፍቱ ለየብቻው ይታያል ወይ የሚለውን ነው። ከታየ ሂሳቡን አምነዋለሁ፣ ካልታየ ግን ቁጥሩ ከሚለው ወደ ግማሽ አውርጄ ነው የምወስነው።

ከሁሉም በላይ ፎቶ የሚገድለው ግን የሚላክበት መንገድ ነው። ልጁ መጀመሪያ ያመጣው ፎቶ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከለትን ነበር፣ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ሆኗል። እዛ ላይ የእናትየው ክሮፕ 170 በ210 አካባቢ ነው የሚሆነው፣ ትንሿ 10 ሴንቲ ህትመት ላይ እንኳን በኢንች ከ45 በታች፣ በዛ ላይ ሲጨመቅ የመጣው አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ነገር ጉንጫቸው ላይ ይታያል። "ወንድሜ፣ ሰርጉን ያነሳውን ሰው ኦሪጅናሉን ጠይቀው፣ ሲልክልህ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክልህ" አልኩት፣ በነጋታው 6000ውን ይዞ መጣ። ስክሪንሹት አንስታችሁ የምታመጡም ካላችሁ ያው ነው፣ የስልካችሁን ስክሪን ፒክስል ነው የምታመጡልኝ።

ፒክስል በሶፍትዌር ማብዛት ይቻላል ወይ ካላችሁ፣ ይቻላል፣ ግን ያልተነሳውን ቅንድብ አያመጣም፣ የተለመደው ዘዴ በፒክስሎቹ መሀል ያለውን ቀለም አለስልሶ ነው የሚሞላው። ደረጃ ደረጃ የሚመስለው ጠርዝ ይጠፋና ለስለስ ያለ ፎቶ ይሆናል፣ ትልቅ ህትመት ላይ ይሄ ራሱ ይጠቅማል። ከሱ የተሻለ የሚሰራው ግን ትንሽ ሰፋ አርጎ መቁረጥ ነው፣ ትከሻ ላይ ከማቆም እስከ ወገብ ድረስ ከወሰድን በዛው መጠን ወረቀት ላይ ብዙ ፒክስል ይገባል፣ ፊታቸው ያንሳል ግን ይጠራል። በዚህ ፎቶ ላይ አልተቻለም፣ ከፊታቸው የቆመው ህፃን ደረታቸውን ሸፍኖታል።

ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፣ ሙሉውን ሳይሆን ዓይንና አፍንጫው ያለበትን ቁራጭ ብቻ በመጨረሻው መጠን ትንሽ ወረቀት ላይ አውጡልኝ በሉ። ለልጁ እንደዛ ነው ያደረግኩለት፣ ከ40 በ50ው ላይ አንድ ቁራጭ፣ ከ20 በ25ቱ ላይ አንድ ቁራጭ አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩለት። ራቅ ብሎ አየ፣ ከዛ ቀረበ፣ ትልቁ ላይ ትንሽ ዝም አለና ትንሹን በጣቱ ነካው፣ "ይሄኛው ላይ እሷ ናት" አለ። 20 በ25 አተምንለት፣ ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ካርቶን አድርገን 40 በ50 ፍሬም ውስጥ አስገባነው፣ ስለዚህ ግድግዳው ላይ የሚይዘው ቦታ መጀመሪያ የፈለገው ያህል ነው።