ዳታ ሮሚንግ ምንድን ነው? ውጭ ስንሄድስ የቱ ሲም ላይ ነው የሚጠፋው?

ስልካችሁ ፒያሳ ላይ ሆኖ ኢንተርኔት የሚያገኘው ሲሙን ከሸጠላችሁ ድርጅት አንቴና ነው። ናይሮቢ ስትወርዱ ያ አንቴና የለም። ሲማችሁ እዚያ አገር ኔትወርክ ላይ እንግዳ ሆኖ ይገባል፣ የእዚያው ድርጅት ሂሳቡን ለአገር ቤቱ ይልካል፣ የአገር ቤቱ ደግሞ ከእናንተ ይቆርጣል። በዚህ መንገድ ኢንተርኔት መጠቀም ነው ዳታ ሮሚንግ። ብዙ ጊዜ በጣም ውድ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ኪስ ውስጥ ተቀምጦም ፎቶ ይጭናል፣ አፕ ያድሳል። ከቦሌ ሳትነሱ አጥፉት የሚባለው ለዚህ ነው።

ዳታ ሮሚንግ አጥፉ ማለት ሲሙን አጥፉ ማለት ግን አይደለም። መስመሩ የሮሚንግ አገልግሎት ከተከፈተለት የባንክ ኮድ በኤስኤምኤስ ሊደርሳችሁ ይችላል። ሲደወልላችሁ ካነሳችሁ ግን የጥሪ ሂሳብ ሊቆጥር ይችላል፣ እሱን ዳታ ማጥፋት አይከለክለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኢሲም ላይ ነው። ኢሲም የሚገባ የሚወጣ ካርድ የለውም፣ ስልኩ ውስጥ ባለ ቺፕ ላይ ይጫናል። የእህቴ ልጅ ካዛንቺስ ቤቷ ሆና ለኬንያ ኢሲም ገዛች፣ በዋይፋይ ኪውአር ኮዱን ስካን አድርጋ ጫነችው። ጥሩ አደረገች፣ ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ናይሮቢ ስትደርስ ግን ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔት የለም። በኤርፖርቱ ዋይፋይ «አጎቴ፣ የገዛሁት ተበላሽቷል መሰለኝ» ብላ ጻፈችልኝ።

አልተበላሸም። ሮሚንግ አጥፊ ስላልኳት ሁለቱም ላይ አጥፍታዋለች። ለተጓዥ የሚሸጥ ኢሲም ብዙ ጊዜ የሌላ አገር ድርጅት መስመር ነው፣ ስለዚህ ኬንያም ውስጥ እንግዳ ነው። እሱ ላይ ሮሚንግ ካልበራ ኢንተርኔት አይሰጥም። የሚከፈለው ቀድማ የገዛችው ጥቅል ስለሆነ ማብራቱ ተጨማሪ ገንዘብ አያስወጣትም።

በአይፎን Settings ከዚያ Cellular ውስጥ ገብታ፣ ኢሲሙን ነክታ Data Roaming አበራች፣ የአገር ቤቱ ሲም ላይ ግን እንደጠፋ ተወችው። ቀጥሎ Cellular Data የሚለው ላይ ኢሲሙን መረጠች፣ Allow Cellular Data Switching የሚለውንም አጠፋች፤ እሱ ከበራ ስልኩ ዳታውን ራሱ ወደ ሌላኛው መስመር ሊያዞረው ይችላል። ኤርፕሌን ሞድ አንዴ አብርታ ስታጠፋው ኢንተርኔቱ መጣ።

እዚያው ሱቅ የሚገዛ የኬንያ ሲም ከሆነ ይህ ጣጣ የለም፣ እሱ አገሩ ላይ ነው። ፓስፖርት ግን ያዙ፣ ለምዝገባ ይጠየቃል። ስልካችሁ አንድ የሲም ቦታ ብቻ ካለው የኢትዮጵያውን ማውጣት ግድ ይሆናል፣ ያኔ የባንክ ኮድ አይመጣም።

ኢሲም ከመግዛታችሁ በፊት *#06# ደውሉ፤ EID የሚል ቁጥር ከወጣ ስልኩ ይቀበላል። ከአሜሪካ የመጣ አይፎን ከሆነ ደግሞ Settings፣ General፣ About ውስጥ Carrier Lock የሚለውን እዩ። No SIM restrictions ካላለ ስልኩ ለአንድ ድርጅት ተቆልፏል፣ የሌላ ኢሲም አይሠራበትም። አንዴ የጫናችሁትን ኢሲም ደግሞ ከስልኩ ላይ እንዳትሰርዙት፣ ብዙዎቹ ኪውአር ኮዶች ለሁለተኛ ጊዜ አይሠሩም።