«እንደሆነ» እና «ዌር ዘ ኦፊስ ኢዝ»

«በእንግሊዝኛ ‹ካን ዩ ቴል ሚ ዌር ኢዝ ዘ ኦፊስ› ብል ምን ችግር አለው? እየጠየቅሁ እኮ ነው!»

የጠየቀው «ካን ዩ» ነው። «ካን» ከ«ዩ» ሲቀድም ጥያቄነቱ እዚያው አለቀ። ከ«ዌር» በኋላ ያለው ተራ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ባለቤቱ ይቀድማል፣ ግሡ ይከተላል፦ «ካን ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ኦፊስ ኢዝ»። ጥያቄን ሁለት ጊዜ መገልበጥ አያስፈልግም።

«አማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለው ነው የምንሳሳተው» ሲባል መስማት በጣም ያደክማል። አለው እንጂ! «ቢሮው የት ነው?» ብለን «ቢሮው የት ነው ንገረኝ» አንልም፤ «የት እንደሆነ ንገረኝ» ነው የምንለው። እኛ የግሡን መልክ እንለውጣለን፣ እንግሊዝኛ የግሡን ቦታ ይለውጣል። ስለዚህ በአማርኛ «እንደ» የሚገባበት ቦታ ሁሉ በእንግሊዝኛ ባለቤቱ ይቅደም።

ወጥመዱ ያለው «ብሎ» ላይ ነው። «ቢሮው የት ነው ብሎ ጠየቀኝ» ማለት በአማርኛ ትክክል ነው፤ «ነው» ሳይነካ ይቀራል። ተማሪው ይህንኑ ቃል በቃል ሲወስደው «ሂ አስክድ ሚ ዌር ኢዝ ዘ ኦፊስ» ይወጣል። ከመተርጎም በፊት «ብሎ»ን አስወግዶ «ቢሮው የት እንደሆነ ጠየቀኝ» ማለት ነው። ከዚያ «ሂ አስክድ ሚ ዌር ዘ ኦፊስ ዎዝ» ይመጣል፤ «አስክድ» ያለፈ ስለሆነ «ኢዝ»ም ወደ «ዎዝ» ይሄዳል።

«ቦታ መቀያየር ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። «ዳዝ» ሲኖር አይበቃም። ሐዋሳ መናኸሪያ የአዳማ አውቶቡስ መነሻ ሰዓት ይጠየቅ እንበል፦ «ዌን ዳዝ ዘ በስ ሊቭ»። «ዱ ዩ ኖው» ሲጨመርበት «ዳዝ» ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ይዞት የነበረውን «ዝ» ግን ለግሡ ትቶለት ይሄዳል፦ «ዱ ዩ ኖው ዌን ዘ በስ ሊቭዝ»። ብዙ ሰው «ዳዝ»ን ያወጣና «ሊቭ»ን ባዶውን ይተወዋል። «ዲድ»ም ሲወጣ ኃላፊ ጊዜውን ለግሡ ይሰጣል፤ «ዌን ዲድ ዘ በስ ሊቭ» የነበረው «ዌን ዘ በስ ሌፍት» ይሆናል።

«አውቶቡሱ ተነስቷል?» መልሱ አዎ ወይም አይ ስለሆነ የጥያቄ ቃል የለውም፤ «ኢፍ» ይገባል፦ «ዱ ዩ ኖው ኢፍ ዘ በስ ሃዝ ሌፍት»።

«ሁልጊዜ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል»? አይለወጥም። «ሁ ኮልድ ዩ» ውስጥ ባለቤቱ ራሱ «ሁ» ስለሆነ «ዱ ዩ ኖው ሁ ኮልድ ዩ» ሲባል የሚነካ ነገር የለም።

«የጥያቄ ቃል ካለ የጥያቄ ምልክት ይደረጋል» የሚለውም ስህተት ነው። ምልክቱን የሚወስነው የመጀመሪያው ክፍል ነው። «ካን ዩ ቴል ሚ» ብሎ የጀመረ በጥያቄ ምልክት ይዘጋል፤ «አይ ዶንት ኖው» ብሎ የጀመረ በነጥብ።

መጨረሻ ላይ የቀረ «ኢዝ» ደግሞ አያጥርም። «አይ ኖው ዌር ኢት ኢዝ» እንጂ «ዌር ኢትስ» ብሎ ማቆም የለም።