የመጨባበጥ ሌማ እና የዲግሪ ዝርዝር፦ ቁጥሮቹ ግራፍ ይሆናሉ ወይስ አይሆኑም?

የመጨባበጥ ሌማ በግራፍ ቲዎሪ መግቢያ ላይ የሚገኝ አጭር እውነት ነው። በአንድ ግብዣ ላይ እያንዳንዱ እንግዳ ስንት ሰው እንደጨበጠ ተጠይቆ መልሶቹ ቢደመሩ፣ ድምሩ ሁልጊዜ ጥንድ ቁጥር ይሆናል። ምክንያቱም አንድ መጨባበጥ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ በድምሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባል፤ አንዴ በዚህኛው ሰው ቁጥር፣ አንዴ በዚያኛው።

በግራፍ አነጋገር እንግዳው ነጥብ ነው። መጨባበጡ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኝ መስመር ነው። ከአንድ ነጥብ የሚነሱት መስመሮች ብዛት የነጥቡ ዲግሪ ይባላል። ሁሉም ዲግሪዎች ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲደረደሩ የዲግሪ ዝርዝር ይሆናሉ። ከሌማው በቀጥታ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ጎዶሎ ዲግሪ ያላቸው ነጥቦች ብዛት ሁልጊዜ ጥንድ ነው። ሰባት ሰዎች እያንዳንዳቸው «ሦስት ሰው ጨብጫለሁ» ቢሉ ድምሩ 21 ይመጣል። አንዱ ቆጠራውን ስቷል ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በተገላቢጦሹ ጥያቄ ላይ ነው። ግራፉ የለም፤ በእጃችን ያለው የቁጥር ዝርዝር ብቻ ነው። ይህን ዝርዝር የዲግሪ ዝርዝሩ ያደረገ ቀላል ግራፍ ሊኖር ይችላል ወይ? ቀላል ግራፍ የሚባለው ማንም ራሱን የማይጨብጥበት፣ ሁለት ሰዎችም ከአንድ ጊዜ በላይ የማይጨባበጡበት ነው። (በእኛ አገር ሰላምታ አንዱን ሰው ሦስቴ ጨብጦ በትከሻ መድገም ያለ ነው። እዚህ ግን አንዴ ብቻ ይቆጠራል።)

የሌማው ታሪክ የሚጀምረው ከሊዮንሃርድ ኦይለር ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1735 ላይ ኦይለር ስለ ኮኒግስበርግ ከተማ ድልድዮች የጻፈውን ለቅዱስ ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። ከተማዋ ዛሬ ካሊኒንግራድ ትባላለች፤ በሩሲያ ሥር ናት። ወንዙ ከተማዋን በአራት የብስ ይከፍላታል። የሚያገናኟቸው ድልድዮች ሰባት ነበሩ። ጥያቄው እያንዳንዱን ድልድይ አንዴ ብቻ በማቋረጥ ሁሉንም መዞር ይቻላል ወይ የሚል ነበር። ኦይለር ለእያንዳንዱ የብስ የሚደርሱትን ድልድዮች ቆጠረ። ለደሴቲቱ 5፣ ለሌሎቹ ሦስቱ ደግሞ 3፣ 3፣ 3 ሆነ። ድምሩ 14 ነው፤ የሰባት ድልድዮች እጥፍ። ይህ ድምር ሁልጊዜ የድልድዮቹ እጥፍ እንደሚሆን ኦይለር እዚያው ጽሑፍ ውስጥ አስቀምጦታል። እንዲያውም ጎዶሎዎቹ ብዛታቸው ጥንድ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ጨምሮበታል። ስለ እንግዳና ስለ መጨባበጥ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ቢሆንም ሌማውን የእሱ ነው ማለት ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር አለ። 5፣ 3፣ 3፣ 3 የቀላል ግራፍ ዝርዝር አይደለም። ደሴቲቱ አምስት ጎረቤት ያስፈልጋታል፤ ያሉት የብሶች ግን ሌሎች ሦስት ብቻ ናቸው። በኮኒግስበርግ የሠራው ሁለት የብሶችን ሁለት ድልድይ ስላገናኛቸው ነው። ስለዚህ የግራፍ ቲዎሪ የመጀመሪያው ዝርዝር ራሱ ድምሩ ጥንድ ሆኖ በቀላል ግራፍ ፈተና የወደቀ ነው።

ድምሩ ጥንድ መሆኑ ግዴታ ነው እንጂ በቂ አይደለም። ትልቁ ቁጥር ከሰዎቹ ብዛት ቢያንስ በአንድ ማነስ አለበት፤ ይህም ግዴታ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ቢሟሉም አይበቃም። 5፣ 5፣ 4፣ 2፣ 2፣ 2 የሚለውን እንይ። ሰዎቹ ስድስት ናቸው። ድምሩ 20፣ ትልቁ 5። ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ግን እንደዚህ ያለ ግራፍ የለም። ይህን የሚያጋልጥ ዘዴ እስኪመጣ ከኦይለር በኋላ ሁለት መቶ ዓመት አለፈ።

ዘዴውን በ1955 ያሳተመው የቼኩ የሒሳብ ሊቅ ቫትስላቭ ሃቬል ነው። በኋላ የቼክ ፕሬዚዳንት ከሆነው ቫትስላቭ ሃቬል ጋር በስም ብቻ ይገናኛሉ፤ ፕሬዚዳንቱ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላውም። ጽሑፉ በቼክ ቋንቋ ስለወጣ ብዙ አንባቢ አልደረሰውም። በ1962 ሉዊስ ሃኪሚ አሜሪካ ውስጥ በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰ። ዛሬ የሁለቱንም ስም ይዞ ይጠራል። ለእኔ ግን መጀመሪያ የደረሰው ሃቬል ነው፤ ስሙ ከፊት መቀመጡም ለዚህ ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ትልቁን ቁጥር አውጣ። ዋጋው ስንት እንደሆነ እይ። ከቀሩት ውስጥ ከትልልቆቹ ጀምረህ ያን ያህሉን ቁጥሮች አንድ አንድ ቀንስ። ከዚያ እንደገና ደርድርና ድገመው። ሁሉም ዜሮ ሆኖ ካለቀ ግራፉ አለ። መሐል ላይ አሉታዊ ቁጥር ከመጣ ወይም የሚቀነስበት ሰው ካነሰ የለም።

4፣ 3፣ 3፣ 2፣ 2፣ 2ን እንውሰድ። ሰዎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ እንበላቸው። ሀ አራት ሰው መጨበጥ አለበት። ከትልልቆቹ ጋር እናጨባብጠው፦ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ። አሁን ለ 2 ቀረው፣ ሐ 2፣ መ 1፣ ሠ 1፣ ያልተነካው ረ ደግሞ 2። ስንደረድረው ለ2፣ ሐ2፣ ረ2፣ መ1፣ ሠ1 ይሆናል። ለ ሁለት ይፈልጋል፤ ሐንና ረን ይጨብጣል። የቀሩት ሐ፣ ረ፣ መ እና ሠ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቀርቷቸዋል። ሐ ከረ፣ መ ከሠ ይጨባበጣሉ። አለቀ። ስምንት መጨባበጥ ሆነ፤ ድምሩም 16 ነበር። እንግዲህ ዘዴው «አለ» ብቻ ብሎ አይተወንም፤ ግራፉን ሠርቶ ይሰጠናል።

አሁን ያንን አጠራጣሪ ዝርዝር በዚሁ እንፈትነው።

```
5 5 4 2 2 2
4 3 1 1 1
2 0 0 0
-1 -1 0
```

ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ሰው ገና ሁለት መጨባበጥ ይቀረዋል፤ ሌሎቹ ግን እጃቸውን ጨርሰዋል። ዝርዝሩ ወደቀ።

በእጅ ሲሠራ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ስሕተት አንድ ነው፤ ዳግም መደርደርን መርሳት። በላይኛው ምሳሌ ከመጀመሪያው እርምጃ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ለ2፣ ሐ2፣ መ1፣ ሠ1፣ ረ2 ነበር። ሳይደረደር ከተቀጠለ ለ ሐንና መን ይጨብጣል። ሐ1፣ መ0፣ ሠ1፣ ረ2 ይቀራል። ቀጥሎ ሐ ከመ ጋር ሊጨባበጥ ይሄዳል፤ መ ግን ዜሮ ነው። አሉታዊ ቁጥር መጣ ተብሎ ደህናው ዝርዝር ይጣላል። በአንጻሩ ሁሉም ዜሮ ሆኖ ካለቀ፣ ተደረደረም አልተደረደረም መልሱ ትክክል ነው፤ መስመሮቹ እዚያው ተሠርተዋልና። መጠርጠር ያለበት «የለም» የሚለው መልስ ነው።

ለምን ትልልቆቹን? ሊቀር የማይገባው ማረጋገጫ ይኸው ነው። ግራፉ አለ እንበል። ግን ሀ ትልቁን ለን ትቶ ትንሹን ረን ጨብጧል። የለ ዲግሪ ከረ አያንስም። ረ ሀን ሲጨብጥ ለ ግን አልጨበጠውም። ስለዚህ ለ የጨበጠው፣ ረ ያልጨበጠው ሌላ ሰው መኖር አለበት፤ ሠ እንበለው። አሁን ሀ–ረ እና ለ–ሠ የሚሉትን ሁለት መስመሮች እናጥፋ። በምትካቸው ሀ–ለ እና ረ–ሠ እናስምር። የማንም ዲግሪ አልተለወጠም። ሀ ግን ወደ ትልቁ ዞረ። ይህን በመደጋገም ሀን ከትልልቆቹ ጋር ብቻ ማገናኘት ይቻላል። ስለዚህ በዘዴው ምርጫ ምክንያት የሚጠፋ ግራፍ የለም።

በመሐሉ በ1960 ሁለቱ ሃንጋሪያውያን ፖል ኤርዶሽ እና ቲቦር ጋላይ ሌላ መልስ አቅርበዋል። እነሱ ግራፉን አይሠሩም፤ ዝርዝሩን ይመዝናሉ። ድምሩ ጥንድ ከሆነ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ k ይህ መሟላት አለበት፦

```
d1 + ... + dk ≤ k(k-1) + min(d(k+1), k) + ... + min(dn, k)
```

በግራ ያለው የ k ትልልቆቹ ፍላጎት ነው። በቀኝ ያለው ሊያገኙ የሚችሉት ጣሪያ ነው። እርስ በርሳቸው ቢበዛ k(k-1) እጅ ያገኛሉ። ከውጭ ያለ እያንዳንዱ ሰው ደግሞ ከራሱ ዲግሪም ከ kም በላይ ሊሰጣቸው አይችልም። ያ የወደቀው ዝርዝር በ k = 1 እና በ k = 2 ያልፋል። በ k = 3 ግን ፍላጎቱ 5 + 5 + 4 = 14 ነው። ጣሪያው 6 + 2 + 2 + 2 = 12። ሁለት እጅ ጎደለ። የሃቬል ዘዴ መውደቁን ያሳያል፤ ይህኛው ደግሞ ጥፋቱ የት ጋ እንደሆነ ይጠቁማል፤ ሦስቱ ትልልቆች ከአቅም በላይ ጠይቀዋል። እነዚህ ሁኔታዎች ግዴታ መሆናቸውን ለማየት ይህ ቆጠራ ይበቃል። በቂ መሆናቸውን ማረጋገጥ ግን ብዙ ገጽ ይወስድ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ አጫጭር ማረጋገጫዎች ተገኝተውለታል።

በኮምፒውተር ለመሞከር የሃቬልና የሃኪሚ ዘዴ በፓይተን ይህን ያህል ብቻ ነው፦

```python
def graphic(d):
    d = sorted(d, reverse=True)
    while d and d[0] > 0:
        k = d.pop(0)
        if k > len(d) or d[k-1] < 1:
            return False
        for i in range(k):
            d[i] -= 1
        d.sort(reverse=True)
    return True
```

ኮዱ አሉታዊ ቁጥር አልገባም ብሎ ይነሳል። `networkx` ውስጥም `is_graphical` የሚል ዝግጁ ፈንክሽን አለ። ካልተነገረው የኤርዶሽና ጋላይን ይጠቀማል፤ `method="hh"` ከተባለ ወደ ሃቬል ይዞራል።

ዝርዝሩ ፈተናውን ሲያልፍ ግራፉ አንድ ብቻ ነው ማለት አይደለም። 2፣ 2፣ 2፣ 2፣ 2፣ 2ን በሃቬል ዘዴ እንሥራው። ሀ ለንና ሐን ይጨብጣል፤ መ ሠንና ረን። ለ፣ ሐ፣ ሠ እና ረ አንድ አንድ ቀራቸው፤ አራቱም እኩል ስለሆኑ ዘዴው ማንን ከማን ግድ አይለውም። ለ ከሐ፣ ሠ ከረ ከተጨባበጡ ሁለት የተለያዩ ሦስት ማዕዘኖች ይወጣሉ። ለ ከሠ፣ ሐ ከረ ከተጨባበጡ ደግሞ ስድስቱም በአንድ ክብ ይያያዛሉ።