ከመዝገብ አንቀጽ ወደ ጎብኚ መግለጫ፦ የጎጃም የተቀረጸ በር

በሙዚየም ውስጥ ከዕቃው አጠገብ የሚሰቀለው አጭር ጽሑፍ የዕቃ መግለጫ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ባለሙያ ለመዝገብ ከጻፈው አንቀጽ ነው። መዝገቡ ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ እንኳ መልሶ ለመለየት የሚያስችል መሆን አለበት። ስለዚህ ልኩ፣ ጉዳቱና ጥርጣሬው ሁሉ ይሰፍርበታል። ጎብኚው ግን ዕቃው ፊቱ ቆሟል። ሊለየው አይደለም የመጣው፣ ሊያየው ነው።

ጎጃም ውስጥ ለዚህ ሥራ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የተቀረጸ የቤተ ክርስቲያን በር ነው። በጣና ዙሪያ፣ በተለይ በዜጌ፣ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናቸው። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያሉ ይገባሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት በሮች ከባድ የእንጨት መዝጊያዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ አሮጌው መዝጊያ አንዳንዴ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል፣ አንዳንዴ ደግሞ አዲሱ ሕንፃ ላይ ይገጠማል።

ቀጥሎ ያለው አንቀጽ የአንድ የታወቀ በር አይደለም፤ ለማሳያ የተዘጋጀ ነው። መዝገብ አገላብጦ የሚያውቅ ሰው ግን ቃናውን አያጣውም።

«ባለ አንድ ክፍል መዝጊያ፤ ከነጠላ ሳንቃ የተጠረበ (ዋንዛ?)፤ ቁመት 192፣ ስፋት 84፣ ውፍረት 6 ሴ.ሜ.። የፊት ገጹ በሦስት አግድም ምድቦች የተከፈለ ሆኖ ላይኛውና ታችኛው ምድብ ጥልቀት በሌለው ቅርጽ በተሠራ ጂኦሜትሪያዊ የሐረግ ጥልፍልፍ፣ መካከለኛው ደግሞ እኩል ክንዶች ባሉት መስቀል ያጌጠ ነው። በግራ ጠርዝ ጫፎች የመዞሪያ ጉጦች ያሉት ሲሆን የታችኛው በአገልግሎት ብዛት ተበልቷል። ከዜጌ አካባቢ እንደመጣ ይታመናል፤ 18ኛው ክፍለ ዘመን (?)።»

ለመዝገብ ምንም አይወጣለትም። ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ግን ሰው «ባለ አንድ ክፍል» የሚለውን አይቶ ያልፋል። ብዙዎች እዚህ ላይ አስቸጋሪ ቃላትን እየለቀሙ በቀላል ይተካሉ። ያ ብቻውን አይበቃም። «ጂኦሜትሪያዊ» ወጥቶ «ባለ ቅርጽ» ቢገባ አንቀጹ ያው ዝርዝር ነው።

የመጀመሪያው ሥራ በሩ ፊት ቆሞ አንድ ነገር መምረጥ ነው። ሐረጉና መስቀሉ ማንም ሳይነግረው ለጎብኚው ይታያሉ። ጎጃሜው ምእመን ደግሞ ከመግለጫ ጸሐፊው በላይ ያውቃቸዋል። የማይታየው የግራው ጠርዝ ነው። ይህ በር ማጠፊያ የለውም። ከሳንቃው ጋር አብረው የተጠረቡ ሁለት ጉጦች ከላይና ከታች ወጥተዋል። የላይኛው ጉበኑ ውስጥ፣ የታችኛው መድረኩ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ገብቶ ይዞራል። ክብደቱን የሚሸከመው የታችኛው ነው፤ ለዚህም ነው እሱ ቀድሞ ያለቀው። መዝገቡ ይህን ሁሉ «በአገልግሎት ብዛት ተበልቷል» ብሎ አልፎታል። ለእኔ የመግለጫው ልብ እነዚያ ቃላት ውስጥ ነው ያለው።

ልኮቹም ዝም ብለው አይጣሉም። ቁመትና ስፋቱን ጎብኚው በዓይኑ ይለካል። ሦስቱ ሲባዙ ግን ወደ 0.097 ሜትር ኩብ ይመጣሉ። የደረቀ ዋንዛ በሜትር ኩብ 500 ኪሎ ገደማ ነው ብለን ብናሰላ በሩ ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ለሚያውቅ የጎጃም ሰው ይህ ቁጥር ከ192 ሴንቲ ሜትር በላይ ይናገራል። የእንጨት ክብደት ከዛፍ ዛፍ ስለሚለያይ ግን ከመጻፉ በፊት በሩ ሚዛን ላይ መውጣት አለበት።

ሁለተኛው ሥራ ጥርጣሬውን ሳያጠፉ ማሳጠር ነው። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው። «(?)» ቦታ ይይዛል ተብሎ ይወጣል፤ በማግስቱ በሩ «የ18ኛው ክፍለ ዘመን የዋንዛ በር» ሆኖ ያርፈዋል። ከዚያ አስጎብኚው ያንኑ ይደግማል፣ ተማሪው ይጽፈዋል። ጭስና እጅ ያጠቆረውን አሮጌ እንጨት በዓይን ብቻ ዋንዛ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። በካርቦን ምርመራ የሚገኘው ዕድሜም ናሙናው የተወሰደበት የዛፉ ክፍል ያደገበት ዘመን እንጂ አናጢው መሮውን ያነሳበት ቀን አይደለም። «የመቅደስ በር» የሚለውም እንዲሁ ነው። ከየትኛው ዙር እንደተነሳ መዝገቡ ካልተናገረ መግለጫውም አይናገር።

ዓመተ ምሕረት ሲጠቀስም የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መባል አለበት። ራስ አዳል ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ የሆኑት በ1873 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን 1881። አንዱን መግለጫ በአንዱ፣ ጎረቤቱን በሌላው የጻፈ ሙዚየም ስምንት ዓመት ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ይውላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መግለጫው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ማጠፊያ የሌለው በር
የግራውን ጠርዝ ይመልከቱ። ከላይና ከታች የወጡት ሁለት ጉጦች ጉበኑና መድረኩ ውስጥ ገብተው ይዞሩ ነበር። የታችኛው ያለቀው 50 ኪሎ የሚጠጋውን በር ተሸክሞ ብዙ ስለዞረ ነው። ጉጦቹም ሳንቃውም አንድ እንጨት ናቸው።
ዋንዛ ሳይሆን አይቀርም። ከዜጌ አካባቢ እንደመጣ ይታመናል። ምናልባት 18ኛው ክፍለ ዘመን።»

ከአርባ ቃል ብዙም አይበልጥም። ጎብኚው መጀመሪያ የሚያየውን ያገኛል፣ ቀጥሎ ምክንያቱን፣ ጥርጣሬውን መጨረሻ። «ይመልከቱ» የተባለው በአክብሮት ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ካህንም የሚያነቡት ጽሑፍ ላይ «ተመልከት» አይባልም።

መግለጫው ከመታተሙ በፊት የሚሞከርበት ቀላል መንገድ አለ። ለጥበቃው ወይም ለአንድ ተማሪ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ይሰጣል። የተደናቀፈበት ዓረፍተ ነገር ረዝሟል ማለት ነው። ከዚያ ወረቀቱ ይሸፈንና «እስቲ ያለቀውን ጉጥ አሳየኝ» ይባላል። ጣቱ ወደ መስቀሉ ከሄደ ጽሑፉ አልሠራም። አንድ መርጌታ ቢያዩትም አይከፋም፤ ጉበንና መቃን ተምታተው ከሆነ ወዲያው ይይዙታል።

የፊደሉ መጠንም ይታሰብበት። የግእዝ ፊደል ቡ እና ቢን የሚለየው የአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ ነው፣ ጭረቷም በደቃቅ ኅትመትና በደብዛዛ ብርሃን ትጠፋለች። ቦታ ከጠበበ ፊደሉን ከማሳነስ አንድ ዓረፍተ ነገር መቁረጥ ይሻላል። የተቆረጠው አይጠፋም። አሮጌው አንቀጽ ከነልኩና ከነጥያቄ ምልክቱ በዕቃው ቁጥር መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቀን ናሙናው ተመርምሮ እንጨቱ ዋንዛ ሳይሆን ሌላ ሆኖ ከተገኘ መዝገቡ ላይ ይታከላል፤ ግድግዳው ላይ የሚቀየረው ግን «ዋንዛ ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ብቻ ነው።